በራጁ ጠርዝ ላይ የቀረው ሕመም

(ሱሉልታ ውስጥ በአንድ የዕድር አዳራሽ የተደረገ ንግግር፣ በተናጋሪው የተጻፈ)

እንደምን ዋላችሁ። ሰብሳቢው ሲጋብዙኝ «ስለ ወገብ ሕመም ንገረን» ነበር ያሉኝ። ስለ ወገብ ሕመም በጥቅሉ ለመናገር እኔ ትክክለኛው ሰው አይደለሁም። የራዲዮሎጂ ሐኪም ነኝ፤ ቀኑን ሙሉ ጨለም ባለ ክፍል ተቀምጬ የሰው አጥንት እያየሁ አንቀጽ እጽፋለሁ። በእነዚያ አንቀጾች ውስጥ አብዝቼ የጻፍኩት ቃል የትኛው ነው ብትሉኝ «ዲጀነሬቲቭ ቼንጅስ» የሚለው ይመስለኛል። ዛሬ የማወራችሁ ስለዚህ ቃል ነው።

እስቲ የጀርባ ወይም የወገብ ራጅ ተነስቶ የሚያውቅ እጁን ያውጣ። አመሰግናለሁ፤ ከግማሽ በላይ ናችሁ። ወረቀቱን ይዛችሁ ስትወጡ ምን ተባላችሁ? ከወዲያ «አጥንትሽ ተበልቷል» የተባሉ እናት አሉ። «አጥንት በቅሎብሃል» የተባለ አለ። «ዲስክህ ተንሸራቷል» የተባለ አለ። አባታችን ደግሞ «የዕድሜ ነው» ተብለው ተመልሰዋል። ተበላ፣ በቀለ፣ ተንሸራተተ፣ አረጀ። እነዚህ አራት ቃላት ከአንድ ሐረግ የወጡ ትርጉሞች ናቸው፤ እርስ በርሳቸው ግን አይስማሙም። ለእኔ ወደ እውነቱ የሚቀርበው የአባታችን ነው። ያም ቢሆን አደጋ አለው።

አከርካሪያችን ተደራርበው የተቀመጡ አጥንቶች ናቸው። ከአንገት በታች አሥራ ሁለቱ የደረት አከርካሪ ሲባሉ፣ ከእነሱ ሥር ያሉት አምስቱ የወገብ ናቸው። በሁለት አጥንቶች መካከል ዲስክ የሚባል ውሃ ያዘለ ትራስ አለ። ዕድሜ ሲገፋ ትራሱ ውሃውን እያጣ ይሳሳል፤ ከላይና ከታች ያሉት አጥንቶች ይቀራረባሉ። ጠርዛቸው ላይም ሰውነት ራሱ ትንንሽ የአጥንት ጉጦች ያበቅላል፤ «በቀለብህ» የሚባለው ይህ ነው። እኔ ይህን ሳይ «ዲጀነሬቲቭ ቼንጅስ» ብዬ እጽፋለሁ።

ይህ ለውጥ ምንም በማያማቸው ሰዎች ላይም ሞልቷል። በ2015 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር የታተመ አንድ የጥናቶች ግምገማ የጀርባ ሕመም የሌለባቸውን 3,110 ሰዎች የኤምአርአይና የሲቲ ስካን ምስሎች አንድ ላይ አድርጎ ተመልክቷል። የዲስክ መድከም በ20 ዓመት ዕድሜ በ37 ከመቶው፣ በ50 ዓመት በ80 ከመቶው፣ በ80 ዓመት ደግሞ በ96 ከመቶው ላይ ተገኝቷል። አንዳቸውም «አመመኝ» አላሉም። ስለዚህ ሃምሳ ዓመት ያለፈው ሰው ሲያመው ፊልሙ ላይ ይህን ማግኘት፣ ራሱን አሞት የመጣን ሽማግሌ መርምሮ «ሽበት አለብህ» እንደማለት ነው። ሽበቱ አለ፤ ማንም አይክድም። ራሱን ያመመው ግን እሱ ይሁን አይሁን ገና አልታወቀም።

አሁን ወደ አንዲት ሴት ልውሰዳችሁ። የሚያውቃት እንዳይለያት አንዳንድ ነገሯን ቀይሬአለሁ። ዕድሜዋ ሃምሳ ስድስት፣ ከከተማው ዳር እንጀራ ጋግራ የምታስረክብ ሴት ናት። ሌሊት አሥር ሰዓት ተነስታ ምጣድ ፊት ትቆማለች። አምስት ወር ያህል «ወገቤን» እያለች ቆየች። ምጣዱ ነው፣ ጀሪካኑ ነው፣ ብርድ ነው ተባለ። ማስታገሻ ዋጠች፣ የወገብ ቀበቶ ገዛች፣ ወጌሻ ጋ ሄዳ ታሸች። በመጨረሻ አንድ የሕክምና ተቋም ራጅ አዘዘላት። የመጠየቂያው ወረቀት ላይ የተጻፈው «የወገብ ሕመም» የሚል ሁለት ቃል ብቻ ነበር።

ፊልሙን ያነበብኩት እኔ ነኝ። አራተኛውና አምስተኛው የወገብ አጥንት መካከል ያለው ዲስክ ሳስቷል፣ ጠርዙ ላይ ጉጦች አሉ፣ ስብራት የለም፤ «ዲጀነሬቲቭ ቼንጅስ» ብዬ ፈረምኩ። የጻፍኩት ሁሉ ትክክል ነበር። እሷም «የዕድሜ ነው» ተብላ ወደ ምጣዷ ተመለሰች።

ሁለት ወር ቆይቶ ልጇ ፊልሙን በፌስታል አንጠልጥሎ፣ እሷን ደግፎ ያለሁበት ድረስ መጣ። ማስታገሻው መሥራት አቁሟል። በዕለቱ ሥራ ቀለል ብሎልኝ ስለነበር አስቀምጬ አነጋገርኳት። ይህ በሥራዬ ብዙ ጊዜ የማይሆን ነገር ነው፤ እኛ የምናውቀው የሰውን አጥንት እንጂ ፊቱን አይደለም።

«የሚያምሽን በአንድ ጣት አሳዪኝ» አልኳት። እጇን ወደ ኋላ አዙራ ጣቷን ያሳረፈችው መቀነቷ ከታሰረበት አንድ ስንዝር ያህል ከፍ ብሎ ነው። ፊልሙ ላይ ጉጦቹን ያየሁት ግን ከመቀነቱ በታች ነበር።

እዚህ ላይ ቆም ልበል፤ ጥፋቱ ከቋንቋችን ይጀምራልና። እኛ «ወገቤን» ስንል ከትከሻ በታች እስከ መቀመጫ ያለውን ሁሉ ልንል እንችላለን። መጠየቂያው ላይ ሲወርድ ግን «ወገብ» የአምስቱ አጥንቶች ስም ይሆናል። የራጅ ባለሙያው ጨረሩን እዚያ መሃል ላይ ያነጣጥራል። ጨረሩ ከአንድ ነጥብ ተነስቶ እንደ ጃንጥላ ስለሚከፈት የፊልሙ መሃል በቀጥታ ሲታይ ጠርዙ በገደምዳሜ ይታያል። በጠርዙ ላይ ያሉ አጥንቶች እርስ በርስ የተደራረቡ ይመስላሉ፣ ዲስካቸውም ሳይጠብ የጠበበ ይመስላል። ስለዚህ እኛ አንባቢዎች ጠርዙን ማለፍ ልማዳችን ነው። በዚያ ላይ መሃሉ ላይ የሚጻፍ ነገር ሲገኝ ዓይን ይጠግባል፤ ሁለተኛ ነገር ለመፈለግ አይራብም። ሙያችን ይህን ስሕተት በስሙ ያውቀዋል፣ ያስተምረዋልም። እኔም ተምሬዋለሁ።

ጣቷን ካየሁ በኋላ የድሮውን ፊልም እንደገና ወደ ብርሃን አነሳሁት። ከላይኛው ጥግ፣ አሥራ አንደኛውና አሥራ ሁለተኛው የደረት አከርካሪ የሚገናኙበት ቦታ በከፊል ገብቶ ነበር። የጤነኛ አከርካሪ የላይና የታች ገጽ ራጅ ላይ በኖራ እንደተሰመረ ቀጭን ነጭ መሥመር ይታያል። እዚያ ጥግ ላይ ያ መሥመር ደብዝዞ ነበር። ጠርዝ ስለሆነ ነው ብሎ ማለፍም ይቻላል፤ ሁለት ወር ቀደም ብሎ አልፌዋለሁ።

ቀሪውን ታሪኳን ጠየቅኳት። ሕመሙ ስትተኛ አይተዋትም፤ እንዲያውም ሌሊት ይቀሰቅሳታል። ማታ ማታ ሰውነቷ ሞቅ ይላታል፣ ትራሷ በላብ ይርሳል። ከስታለሽ ወይ ስላት ሚዛን ላይ ወጥታ እንደማታውቅ ነገረችኝ። ከዚያ መቀነቷን ነካ አድርጋ «ይኼ ድሮ ሦስት ጊዜ ነበር የሚዞረኝ፤ አሁን አራት ሆኗል» አለች። ከዚህ የተሻለ ሚዛን አላውቅም።

አንድ ነገር ደግሞ ሳልጠይቃት አሳየችኝ። ፌስታሉ መሬት ላይ ወደቀ። ልጇ ሳይቀድማት ልታነሳው ጎንበስ አላለችም፤ ጀርባዋን እንደ እንጨት ቀጥ አድርጋ፣ አንድ እጇን ጉልበቷ ላይ ደግፋ፣ እንስራ በራሷ እንደተሸከመች ሴት ቀስ ብላ ቁጢጥ አለች። የሕክምና መምህራን ሕፃናትን ሳንቲም ከመሬት እያስነሱ የሚያዩት ምልክት ይህ ነው። የታመመ አከርካሪ መታጠፍን ይፈራል፤ ዙሪያው ያለው ጡንቻ ይቆልፈዋል። በጣቴ መገጣጠሚያ አከርካሪዋን ከላይ ጀምሬ ቀስ እያልኩ መታ መታ ሳደርግ፣ ያችው ቦታ ስደርስ ትንፋሿ ተቆረጠ።

በዚያው ዕለት ጨረሩ ሕመሙ ላይ አነጣጥሮ ሌላ ራጅ ተነሳች። አሁን ሁሉም ግልጽ ሆነ። በሁለቱ አጥንቶች መካከል ያለው ዲስክ ጠቧል፤ የተፋጠጡት ሁለቱም ገጾች ነጭ መሥመራቸውን አጥተው አይጥ እንደበላው ዳቦ ሆነዋል። የታችኛው አጥንት ፊቱ ዝቅ ብሎ የሽብልቅ ቅርጽ መያዝ ጀምሯል። ከአከርካሪው ግራና ቀኝ ደግሞ መሃሉ የሰፋ፣ ጫፎቹ የቀጠኑ ጥላ አለ፤ እዚያ የተጠራቀመ መግል ነው። ኢ ኤስ አር የሚባለው የደም ምርመራዋ 92 መጣ፤ በእሷ ዕድሜ ከ30 ብዙም ባያልፍ ደስ ይለን ነበር። ኤምአርአይ ተነሳች፣ በሲቲ ስካን እየተመሩ በመርፌ ናሙና ወሰዱላት፣ ናሙናው ጂን ኤክስፐርት የሚባለው የምርመራ መሣሪያ ውስጥ ገባ። የአከርካሪ ቲቢ ነበር።

ቲቢ ሲባል ሳል ብቻ ትዝ የሚለን ብዙ ነን። እሷ አንድ ቀን አላሳለችም፤ የደረት ራጇም ንጹሕ ነበር። ይህ የአከርካሪ ቲቢን አያስቀርም። ተህዋሱ ከብዙ ጊዜ በፊት በሳንባ ገብቶ፣ በደም ተጉዞ፣ የአከርካሪው የፊት ክፍል ውስጥ ማንም ሳያውቀው ሊቀመጥ ይችላል። የሚመርጠው ቦታም የደረቱ አከርካሪ ከወገቡ ጋር የሚገናኝበት አካባቢ ነው፤ የወገብ ራጅ ጠርዝ የሚያርፈውም እዚያው ላይ ነው። እንግሊዛዊው ቀዶ ሐኪም ፐርሲቫል ፖት በ1779 የገለጸው በሽታ ይህ ነው፤ እስካሁን በስሙ ይጠራል። በየሰፈሩ የምናያቸው ጀርባቸው አንድ ቦታ ላይ ሹል ሆኖ የወጣ አዛውንቶች፣ ብዙዎቹ በልጅነታቸው ይኸው በሽታ አልፎባቸው ይሆናል።

በዚህ ጊዜ አንድ ጥያቄ እንደሚነሳ አውቃለሁ፤ «ታዲያ የዲስክ መጥበብ በእርጅናም በቲቢም ካለ በምን ትለያላችሁ?» የምለየው በገጾቹ ነው። በእርጅና የሳሳ ዲስክ ላይና ታች ያሉት አጥንቶች ጫናውን ለመቋቋም ይጠነክራሉ፤ ፊልሙ ላይ ነጭነታቸው ይጨምራል፣ መሥመራቸው ይጎላል። አንዳንዴ ዲስኩ ውስጥ ጋዝ ገብቶ ቀጭን ጥቁር መሥመር ይታያል፤ እሱን ሳይ ደስ ይለኛል፣ ወደ እርጅና የሚያደላ ምልክት ነውና። ኢንፌክሽን ሲሆን ግን መሥመሩ ይጠፋል። ዲስኩ ሳይነካ አንዱ አጥንት ብቻ ከተበላ ደግሞ ሐሳቤ ወደ ካንሰር ይሄዳል፤ በወንድ ከፕሮስቴት፣ በሴት ከጡት የመጣ ሊሆን ይችላል። ይህን አሁን አላሰፋውም።

ራጅ ራሱ ገደብ አለው፤ ይህን ሳልናገር ብሄድ አታልላችኋለሁ። አንድ አጥንት ከማዕድኑ ከ30 እስከ 50 በመቶ ያህሉን እስኪያጣ ድረስ ጉድለቱ ራጅ ላይ በግልጽ አይታይም። ስለዚህ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ምናልባትም ወራት፣ በትክክለኛው ቦታ ላይ የተነሳ፣ በጥንቃቄ የተነበበ ራጅ እንኳ ቲቢውን ላያሳይ ይችላል። በዚያን ጊዜ ፊልሙ ላይ የሚታየው ምንድን ነው? የሰውየው ሽበት፣ ማለትም «ዲጀነሬቲቭ ቼንጅስ» ብቻ። ወረቀቱ ላይ አንድ ነገር ተጽፎ ማግኘት ምንም ካለማግኘት የሚብሰው እዚህ ላይ ነው። ባዶ ወረቀት ቢሆን ሐኪሙ መፈለጉን ይቀጥል ነበር።

ከንግግሬ በኋላ ጥያቄ ተፈቅዶ ነበር። የተነሱትን ሁለቱን ጽፌ ላቆይ።

አንድ ጎልማሳ «እንግዲህ ወገቡን ያመመው ሁሉ ቲቢ አለብኝ ብሎ ሊጨነቅ ነው?» አለኝ። አይደለም። እዚህ አዳራሽ ውስጥ ወገባቸውን የሚያማቸው አብዛኞቹ የያዛቸው የጡንቻና የመገጣጠሚያ ሕመም ነው፤ ሲሠሩ ይብሳል፣ ጋደም ሲሉ ይለቃል፣ በሳምንታት ውስጥም ይቀላል። እንዲህ ላለው ሕመም በመጀመሪያዎቹ ስድስት ሳምንታት ራጅም አያስፈልግም። የእርጅናው ለውጥ ራሱ ማንንም አያምም ማለቴም አይደለም፤ የሚያማቸው አሉ። እኔን የሚያሳስበኝ ከወር ወር እየባሰ የሚሄድ፣ ተኝተውም የማያርፉበት፣ በአንድ ጣት የሚጠቆም፣ ከክሳትና ከማታ ትኩሳት ጋር የመጣ ሕመም ነው። ትኩሳት የለም ተብሎም አይተውም፤ ትኩሳት የሌለው የአከርካሪ ቲቢ አይቻለሁ። እግር ከዛለ፣ ሽንት አልወጣ ካለ ወይም ማምለጥ ከጀመረ፣ ኮርቻ ላይ ስንቀመጥ የሚነካው የሰውነት ክፍል ከደነዘዘ ደግሞ ቀጠሮ አይጠበቅም፤ በዚያው ቀን ሆስፒታል መሄድ ነው። የነርቭ ገመዱ እየተጫነ ነው ማለት ነው። ለእንዲህ ያለው ጀርባ እሽታም አይመከርም፤ የተበላው አጥንት በእጅ ጫና ሊደረመስ ይችላል።

ሁለተኛው ጥያቄ ከአንዲት የወተት ላም ከምታረባ እናት የመጣ ነው፤ በሱሉልታ ባይነሳ ነበር የሚገርመኝ። «ልጄ፣ ከላም የሚመጣ የወገብ በሽታ አለ ይላሉ፣ እውነት ነው?» አሉኝ። እውነት ነው፤ ብሩሴሎሲስ ይባላል። ባልፈላ ወተት ወይም የጨነገፈች ላም ስናዋልድ በእጃችን ይገባል። ብዙ ጊዜ የሚይዘው የታችኛውን ወገብ ነው፤ እርጅናም የሚበረታው እዚያው ላይ ነው። ሲጀምር የአጥንቱን የላይኛውን የፊት ጥግ ይሸረሽራል፣ ሲሽር ደግሞ እዚያው ላይ የበቀቀን ምንቃር የሚመስል ጉጥ ያበቅላል። ይህ ጉጥ ከእርጅናው ጉጥ ጋር ቁርጥ መንትያ ነው፤ እኔ ፊልሙን ብቻ ይዤ ልለያቸው አልችል ይሆናል። የሚለያቸው ወረቀቱ ላይ «ላም ታረባለች፣ ጥሬ ወተት ትጠጣለች፣ ያልባታል» ተብሎ ሲጻፍልኝና የደም ምርመራ ሲታዘዝ ነው።

ሰብሳቢው «ታዲያ እኛ ምን እናድርግ?» አሉ። ከሕክምና ባለሙያው ፊት ስትቀርቡ «ወገቤን» ብላችሁ አታቁሙ፤ ልብሳችሁን ገለጥ አድርጋችሁ ቦታውን በጣት አሳዩ። ራጁን ስትነሱም ለባለሙያው እንደገና አሳዩት፤ አይቆጣም፣ ቢቆጣም አሳዩት። ወረቀቱን ብቻ ሳይሆን ፊልሙን ወይም ሲዲውን ይዛችሁ ሂዱ፣ የቆየም ካለ አትጣሉ፤ የዚያች ሴት የመጀመሪያ ፊልም ባይኖር ኖሮ እኔም ጠርዙን ዳግመኛ አላየውም ነበር። መጠየቂያው ላይ ከሁለት ቃል በላይ እንዲጻፍም ጠይቁ። «የአምስት ወር ሕመም፣ ከወገብ አንድ ስንዝር ከፍ ብሎ፣ ሌሊት ይብሳል፣ ከስታለች» የሚል አንድ መሥመር ቢደርሰኝ ኖሮ ዓይኔ ወደ ላይኛው ጥግ ይሄድ ነበር።

ሴትዮዋ ሕክምናዋን በቤቷ አቅራቢያ ባለ ጤና ጣቢያ በነጻ ጀመረች። ሁለት ወር አራት ዓይነት መድኃኒት፣ ከዚያ አሥር ወር ሁለት ዓይነት ዋጠች። ነርቧ ገና አልተጎዳም ነበርና ቀዶ ሕክምና አላስፈለጋትም። ሦስተኛው ወር ላይ እንቅልፍ መተኛት ጀመረች፣ ስድስተኛው ላይ ምጣዷ ፊት ቆመች። በዳሰሳ የምትታወቅ ትንሽ ጉብታ ጀርባዋ ላይ ቀርታለች፤ እሷ አትወጣም።

መድኃኒቱን ስትጨርስ የመከታተያ ራጅ ተነሳች፤ እንዳጋጣሚ እሱም እኔው ዘንድ መጣ። የተበሉት ሁለት አጥንቶች አንድ ሆነው ተጣብቀዋል፣ የመግሉ ጥላ ጠፍቷል። ፊልሙ ሰፋ ተደርጎ ስለተነሳ የታችኛው ወገቧም ይታያል። አራተኛውና አምስተኛው አጥንት ላይ ያሉት ጉጦች እንዳሉ ናቸው፤ እንዲያውም አንዱ ትንሽ ጨምሯል። መቀነቷ ወደ ሦስት ዙር ተመልሷል። «አሁንስ ምን ያምሻል?» አልኳት። «ምንም» አለች። ከዚያ ፊልሙን እያየች «ያ በቅሏል ያላችሁኝ አጥንትስ ወዴት ሄደ?» ብላ ጠየቀችኝ። በእስክሪብቶዬ ጫፍ አሳየኋት፤ እዚያው ነበር።